ፖሎች የት ናቸው? የሰርኪዩት መረጋጋትና ንዝረት ከካርታ ሲነበብ

የአንድ ሰርኪዩት ፖሎች ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። ማብሪያው ሲጫን ቮልቴጁ ወደ አዲሱ ደረጃ ዝግ ብሎ ይወጣ እንደሆነ፣ ደረጃውን አልፎ ሄዶ እየተመለሰ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ንቅጥቅጡ በምን ያህል ጊዜ እንደሚከስም፣ ወይም ጭራሽ ሳይከስም እያደገ ይሄድ እንደሆነ ከእነዚህ ቁጥሮች ይነበባል። ቁጥሮቹ የሚመጡት ወደ ሰርኪዩቱ ከሚገባው ሲግናል አይደለም። ሰርኪዩቱ ከተሠራባቸው ዕቃዎችና ከተያያዙበት መንገድ ነው የሚወለዱት፤ ስለዚህ ሲግናሉ ቢለዋወጥም እነሱ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ነገሩን ለማየት ሦስት ዕቃ ይበቃል፤ አንድ ሬዚስተር፣ አንድ ኮይልና አንድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘው፣ መግቢያው ላይ 5 ቮልት በድንገት ሲሰጥና መውጫው በካፓሲተሩ ላይ ሲለካ። ኮይሉ 1 ሚሊሄንሪ፣ ካፓሲተሩ 100 ናኖፋራድ ይሁን። ይህ የላቦራቶሪ መጫወቻ ብቻ አይደለም። ረዘም ያለ የኃይል ገመድ የኮይል ጠባይ አለው፤ ገመዱ የሚሰካበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ደግሞ መግቢያው ላይ ካፓሲተር አያጣም። ስለዚህ ገመድ በተሰካ ቁጥር ይኸው ሰርኪዩት፣ በሌሎች መጠኖች፣ ሥራውን ይሠራል።

5 ቮልቱ ሲሰጥ ካፓሲተሩ መሙላት ይጀምራል። ካፓሲተሩ 5 ቮልት በደረሰበት ቅጽበት ግን ኮይሉ ውስጥ ገና ከረንት እየፈሰሰ ነው፤ ኮይል ደግሞ ከረንቱ በአንዴ እንዲቆም አይፈቅድም። በማግኔታዊ መስኩ ያጠራቀመውን ኃይል እየለቀቀ ካፓሲተሩን ከ5 ቮልት በላይ ይገፋዋል። ከረንቱ ሲያልቅ ከልክ በላይ የሞላው ካፓሲተር በተራው ወደ ኋላ ይገፋል። ዥዋዥዌ መሐል ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ እንደማይቆም ሁሉ፣ ቮልቴጁም ሊያርፍበት የሚገባውን ቦታ በፍጥነት ያልፈዋል። በእያንዳንዱ ምልልስ ሬዚስተሩ ከኃይሉ የተወሰነውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ፣ ንዝረቱ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል።

ትራንስፈር ፈንክሽን ይህንን ሁሉ በአንድ ክፍልፋይ ይይዛል፤ መውጫው ለመግቢያው ሲካፈል የሚገኘው ነው። በክፍልፋዩ ውስጥ s የምትባል ምልክት አለች። የአንድ መጠን በጊዜ የመለወጥ ፍጥነት በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ መጠኑን በ s ማባዛት ይተካል፤ በዚህ መንገድ የካልኩለስ እኩልዮሽ ወደ ተራ አልጀብራ ይወርዳል። ለዚህ ሰርኪዩት ውጤቱ እንዲህ ነው፦

```
H(s) = 1 / (L·C·s² + R·C·s + 1)
```

ታህቱን ዜሮ የሚያደርጉት የ s ዋጋዎች ፖሎች ይባላሉ። ታህቱ ዜሮ ሲሆን ክፍልፋዩ ገደብ ያጣል፤ ይህ በሒሳብ ዓይን ብልሽት ቢመስልም በሰርኪዩት ዓይን ትርጉም አለው። መግቢያው ላይ ምንም ሳይኖር መውጫው ላይ እንቅስቃሴ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ፖሎች እንግዲህ ሰርኪዩቱ ለራሱ ሲተው በውስጡ የቀረውን ኃይል ይዞ የሚንቀሳቀስበትን መንገድ ይገልጻሉ። እዚህ ታህቱ ሁለተኛ ዲግሪ ስለሆነ ፖሎቹ ሁለት ናቸው፤ የሚገኙትም ተማሪ ሁሉ በሚያውቀው ቀመር ነው፦

```
s = −R/(2L) ± √( (R/(2L))² − 1/(L·C) )
```

ከስኩዌር ሩቱ ሥር ያለው ቁጥር ኔጌቲቭ ከሆነ ፖሎቹ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ይሆናሉ፤ አንድ እውን ክፍልና አንድ ኢማጅነሪ ክፍል ይኖራቸዋል። ሁለቱን ክፍሎች ወደ ጎንና ወደ ላይ በተሰመሩ ሁለት መስመሮች ላይ ለክቶ ነጥብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የፖሎች ካርታ የሚባለው ይህ ነው። አግድም የሚለካው እውኑ ክፍል ንዝረቱ የሚያድግበትን ወይም የሚከስምበትን ፍጥነት ይናገራል። ቀጥ ብሎ የሚለካው ኢማጅነሪ ክፍል ደግሞ የንዝረቱን ፍሪኩዌንሲ በሬድያን በሰከንድ ይሰጣል፤ ለ6.28 ሲካፈል ኸርዝ ይሆናል። ነጥቡ ከቋሚው መስመር በስተግራ ካለ፣ ማለት እውኑ ክፍል ኔጌቲቭ ከሆነ፣ እንቅስቃሴው ይከስማል። በስተቀኝ ካለ ያድጋል። መስመሩ ላይ ከተቀመጠ አይከስምም አያድግም። ኮምፕሌክስ ፖሎች ምንጊዜም በጥንድ ይመጣሉ፤ አንዱ ከአግድሙ መስመር በላይ፣ ሌላው በዚያው ርቀት ከሥር። አንድም ፖል በስተቀኝ ካለ፣ ሌሎቹ ሁሉ በስተግራ ቢሆኑም ሰርኪዩቱ አይረጋጋም፤ የሚያድገው ክፍል ውሎ አድሮ የቀረውን ሁሉ ይውጠዋልና።

አሁን ኮይሉንና ካፓሲተሩን እንዳሉ ትቶ ሬዚስተሩን ብቻ መቀያየር ይበቃል። ለተመረጡት መጠኖች 1/(L·C) ልክ 10 ቢሊዮን ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 100,000 ሬድያን በሰከንድ ነው። ሬዚስተሩ ዜሮ ቢሆን ፖሎቹ በቋሚው መስመር ላይ፣ ከመሐሉ 100,000 ወደ ላይና 100,000 ወደ ታች ይቀመጡ ነበር፤ ንዝረቱም በ15.9 ኪሎኸርዝ ለዘላለም ይቀጥል ነበር። የተግባር ኮይል የራሱ የሽቦ ሬዚስታንስ ስላለው ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነገር ነው።

ሬዚስተሩ 40 ኦም ሲሆን እውኑ ክፍል −20,000፣ ኢማጅነሪው ክፍል ደግሞ ወደ 98,000 ይሆናል። የንዝረቱ አንድ ዙር 64 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ ስፋቱ በየ50 ማይክሮሰከንዱ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ 50 የመጣው 1 ለ20,000 ሲካፈል ነው። የመጀመሪያው ጫፍ ከ5 ቮልት በ53 በመቶ አልፎ 7.6 ቮልት ይደርሳል። 6 ቮልት ብቻ የሚችል ዕቃ መውጫው ላይ ቢኖር፣ ምንጩ ከ5 ቮልት ፈቀቅ ሳይል ዕቃው ሊቃጠል ይችላል። ቮልቴጁ በ5 ቮልት ዙሪያ ባለ የ2 በመቶ ክልል ውስጥ ገብቶ ለመቅረት 200 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈልጋል።

ሬዚስተሩ ሲጨምር ፖሎቹ የሚሄዱበት መንገድ ደስ የሚል ነው። 100,000 ራዲየስ ያለውን ክብ ይዘው፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች፣ በስተግራ በኩል ወደ አግድሙ መስመር ይቃረባሉ። በ141 ኦም ላይ እውኑና ኢማጅነሪው ክፍል እኩል፣ 70,700 አካባቢ፣ ይሆናሉ፤ ቮልቴጁም ከ5 ቮልት የሚያልፈው በ4 በመቶ ብቻ ነው። በ200 ኦም ሁለቱ ፖሎች −100,000 ላይ ይገናኛሉ፤ ኢማጅነሪ ክፍል ስለሌለ ንዝረት የለም፣ ማለፍም የለም። በሁለቱም መጠኖች ቮልቴጁ በ60 ማይክሮሰከንድ አካባቢ 2 በመቶው ክልል ውስጥ ይረጋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ንዝረት የሚፈራ ሰው ሬዚስተሩን 500 ኦም ቢያደርገው ፖሎቹ በአግድሙ መስመር ላይ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ −479,000 ይሮጣል፣ ሌላው ግን ወደ መሐል ተመልሶ −20,900 ላይ ይቀመጣል። ፈጣኑ ድርሻውን ጨርሶ በሁለት ሦስት ማይክሮሰከንድ ውስጥ ከጨዋታ ይወጣል፤ የሰርኪዩቱን ፍጥነት የሚወስነው ዘገምተኛው ነው። 2 በመቶው ክልል ውስጥ ለመግባት 190 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። ይህ በ40 ኦም ከታየው 200 ማይክሮሰከንድ ብዙም አይሻልም። አንዱ ሰርኪዩት እየተንቀጠቀጠ፣ ሌላው እየተንፏቀቀ፣ የሚደርሱት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱም ለቋሚው መስመር የቀረበው ፖል ያለው ከመስመሩ 20,000 ገደማ ርቀት ላይ ነው።

ከካርታው ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንደሚነበቡ እዚህ ላይ ይታያል። ፖሉ ከቋሚው መስመር ያለው ርቀት ነገሩ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ ይናገራል። ቮልቴጁ ምን ያህል አልፎ እንደሚሄድ የሚናገረው ግን ከመሐሉ ወደ ፖሉ የሚሰመረው መስመር አቅጣጫ ነው። ይህን አቅጣጫ በአንድ ቁጥር ለመያዝ፣ ፖሉ ከቋሚው መስመር ያለው ርቀት ከመሐሉ ላለው ርቀት ይካፈላል፤ የሚገኘው የማርገብ መጠን ይባላል። በ40 ኦም 20,000 ለ100,000 ሲካፈል 0.2 ነው። ሌላ ሰርኪዩት በሺህ እጥፍ ቢፈጥን እንኳ የማርገብ መጠኑ 0.2 ከሆነ የሚያልፈው በዚያው 53 በመቶ ነው፤ የሞገዱ ቅርጽ አንድ ሆኖ የጊዜው ልክ ብቻ ይጠባል።

በተቃራኒው አቅጣጫም መሄድ ይቻላል፤ ከኦሲሎስኮፕ ላይ ከሚታየው ሞገድ ተነስቶ ፖሎቹን ማግኘት። በ40 ኦሙ ሰርኪዩት የመጀመሪያው ጫፍ ከ5 ቮልት በ2.63 ቮልት ይበልጣል፤ ቀጣዩ ከላይ ያለ ጫፍ፣ 64.1 ማይክሮሰከንድ ቆይቶ፣ በ0.73 ቮልት። ሁለቱ ሲካፈሉ 3.6 ይሆናል፤ የዚህ ቁጥር ናቹራል ሎጋሪዝም 1.28 ነው። 1.28 ለ64.1 ማይክሮሰከንድ ሲካፈል 20,000 ይሰጣል፤ እውኑ ክፍል ተገኘ። 6.28 ለ64.1 ማይክሮሰከንድ ሲካፈል ደግሞ 98,000፤ ኢማጅነሪው ክፍል። የሰርኪዩቱ ንድፍ ባይኖርም፣ የዕቃዎቹ መጠን ባይታወቅም፣ ሁለት ጫፎችና አንድ የጊዜ ልኬት ይበቃሉ።

ልኬቱ ከስሌቱ ሲለይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስሌቱ ወይም የመሣሪያው ሳይሆን የተረሳ ነገር ነው። ለምሳሌ አብዛኛው የላቦራቶሪ ሲግናል ጄኔሬተር በውስጡ 50 ኦም ሬዚስታንስ አለው። 40 ኦም ሬዚስተር ገዝቶ በዚህ ጄኔሬተር የሚሞክር ሰው 53 በመቶ ጠብቆ 20 በመቶ ያያል፤ ሰርኪዩቱ የሚያየው 90 ኦም ነውና። የኮይሉ ሽቦ ሬዚስታንስም ይጨመርበታል። R ተብሎ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ከረንቱ በሚዞርበት መንገድ ላይ ያለው ሬዚስታንስ ሁሉ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ፤ ሰርኪዩቱ ሳይንቀጠቀጥ የተንቀጠቀጠ ሞገድ ማየት። የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ የመሬት ሽቦ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን 150 ናኖሄንሪ ያህል ኢንዳክታንስ ይኖረዋል፤ ፕሮቡ ራሱ 10 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ አለው። ሁለቱ ተገናኝተው የራሳቸውን ጥንድ ፖል ይፈጥራሉ፤ የንዝረቱ ፍሪኩዌንሲም ወደ 130 ሜጋኸርዝ ይጠጋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የመሬት ሽቦው ሲያጥር የንዝረቱ ፍሪኩዌንሲ ከተቀየረ፣ የታየው ፖል የፕሮቡ እንጂ የሰርኪዩቱ አይደለም።

እስካሁን የተነሱት ፖሎች በሙሉ በስተግራ ናቸው፤ በአጋጣሚም አይደለም። ከሬዚስተር፣ ከኮይልና ከካፓሲተር ብቻ የተሠራ ሰርኪዩት ፖሎቹን ወደ ቀኝ ሊያሻግር አይችልም። የሚያድግ ንዝረት በየዙሩ አዲስ ኃይል ይፈልጋል፤ እነዚህ ዕቃዎች ደግሞ ኃይል ያጠራቅማሉ ወይም ያቃጥላሉ እንጂ አያመነጩም። ድንበሩን ለመሻገር ከባትሪ ወይም ከመብራት መስመር ኃይል ተቀብሎ ሲግናል የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ እንዲሁም የአምፕሊፋየሩን መውጫ ወደ መግቢያው የሚመልስ የግብረ መልስ መንገድ ያስፈልጋል።

ሆን ተብሎ ከሚሠሩት ውስጥ ጥርት ያለው ምሳሌ የዊን ብሪጅ ኦሲሌተር ነው። ሁለት እኩል ሬዚስተሮችና ሁለት እኩል ካፓሲተሮች የአምፕሊፋየሩን መውጫ ወደ መግቢያው ይመልሳሉ፤ አምፕሊፋየሩ K እጥፍ ያጎላል። የትራንስፈር ፈንክሽኑ ታህት ይህ ነው፦

```
R²·C²·s² + (3 − K)·R·C·s + 1
```

ከቀደመው ታህት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የተለወጠው የመሐለኛው አባዢ ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሰርኪዩት ያ ቦታ የሬዚስተሩ ስለነበር ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም ነበር። እዚህ ግን አምፕሊፋየሩ ከ3 ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ሬዚስተሮቹ 10 ኪሎኦም፣ ካፓሲተሮቹ 10 ናኖፋራድ ቢሆኑ የንዝረቱ ፍሪኩዌንሲ 1.59 ኪሎኸርዝ ይሆናል። K 2.9 ሲሆን እውኑ ክፍል −500 ነው፤ የተነካ ንዝረት በጥቂት ሚሊሰከንድ ይከስማል። K 3.1 ሲሆን +500 ይሆናል፤ ማንም ሳይነካው በዕቃዎቹ ውስጥ ካለው የማይቀር ጫጫታ ተነስቶ በየ2 ሚሊሰከንዱ 2.7 እጥፍ ያድጋል። 1 ማይክሮቮልት ወደ 1 ቮልት ለመድረስ 28 ሚሊሰከንድ ብቻ ይበቃዋል።

K ልክ 3 ቢሆን ፖሎቹ መስመሩ ላይ ይቀመጡና የማይለወጥ ሳይን ሞገድ ይገኝ ነበር። ነገር ግን የትኛውም ሬዚስተር መጠኑን ያን ያህል በትክክል አይጠብቅም፤ ሙቀት በተለወጠ ቁጥር ፖሎቹ ወደ አንዱ ወገን ይንሸራተታሉ። ዊልያም ሂውሌት በ1939 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራው ላይ ይህንን በትንሽ አምፖል ፈታው። አምፖሉ የማጉያውን መጠን በሚወስነው የግብረ መልስ መንገድ ላይ ይገባል። ንዝረቱ ሲያድግ የአምፖሉ ሽቦ ይሞቃል፣ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ K ይወርዳል፣ ፖሎቹ ወደ ግራ ይመለሳሉ፤ ንዝረቱ ሲሳሳ ደግሞ በተቃራኒው። ፖሎቹ መስመሩ ላይ እንዲቀመጡ የሚጠብቃቸው የሽቦው ሙቀት ነው። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የመጀመሪያ ምርት በዚህ ሐሳብ የተሠራው 200A ኦሲሌተር ነበር፤ የዚሁ መሣሪያ ሞዴል የሆነውን 200B ዋልት ዲዝኒ ለ«ፋንታዥያ» ፊልም የድምፅ ሥራ ስምንት ገዝቷል።

አምፖል በሌለበት ጊዜ ምን እንደሚያቆመው መገመት አያስቸግርም። ቀመሩ ንዝረቱ ያለ ገደብ ያድጋል ይላል፤ አምፕሊፋየር ግን ከሚመገበው ቮልቴጅ በላይ ማውጣት አይችልም። ሞገዱ ጣሪያውን ሲነካ ጫፉ ይቆረጣል፣ አማካይ ማጉያውም ይወርዳል። ፖሎች የሚናገሩት ዕቃዎቹ ከመጠናቸው ሳይወጡ ስለሚሠሩበት ክልል ነው፤ ንዝረቱ እንደሚነሳና በምን ፍጥነት እንደሚነሳ ይናገራሉ፣ የት ላይ እንደሚቆም ግን አይናገሩም።

ችግር የሚፈጥሩት ሳይፈለጉ ኦሲሌተር የሚሆኑ አምፕሊፋየሮች ናቸው። አንድ ኦፕአምፕ መውጫው በቀጥታ ወደ ኔጌቲቭ መግቢያው ተመልሶ፣ የገባውን ቮልቴጅ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያስተላልፍ ተደርጓል እንበል። እንዲህ ያለ ሰርኪዩት ውስጥ ኮይል የለም። የኦፕአምፑ ማጉያ በ1 ሜጋኸርዝ ላይ ወደ 1 ይወርዳል፣ የመውጫው የውስጥ ሬዚስታንስ 100 ኦም ነው። ጫጫታ ለማጽዳት በሚል መውጫው ላይ 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ቢጨመር፣ ስሌቱ እውኑ ክፍል −500,000፣ ከመሐል ያለው ርቀት ደግሞ 2.5 ሚሊዮን የሆነ ጥንድ ፖል ይሰጣል። የማርገብ መጠኑ 0.2 ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሞገዱ ከ40 ኦሙ የኮይል ሰርኪዩት ጋር ቅርጹ አንድ ነው፤ 53 በመቶ ያልፋል፣ በ390 ኪሎኸርዝ ገደማ ይንቀጠቀጣል። ኮይል ሳይኖር የኮይል ጠባይ የመጣው ከመዘግየት ነው። ኦፕአምፑ መውጫው በቂ እንደሆነ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ካፓሲተሩ የውስጡን ሬዚስታንስ ተጠግቶ ወሬውን ይበልጥ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ኦፕአምፑ ማቆም ከነበረበት ጊዜ አልፎ መግፋቱን ይቀጥላል።

ካፓሲተሩ ባይጨመርም ከችግሩ መዳን አይቻልም። ኮአክሲያል ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ ስላለው፣ 10 ሜትር ገመድ 1 ናኖፋራድ ይሆናል። በዚህ ጭነት ያው ኦፕአምፕ 8 በመቶ ያልፋል፤ ይህ ለብዙ ሥራ የሚቻል ነው። ጠረጴዛ ላይ በአጭር ሽቦ ሲፈተሽ ምንም ያልታየበት ሰርኪዩት ከረጅም ገመድ ጋር ሲገናኝ ጠባዩ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በሁለት ፖል ብቻ እንዲህ ያለው ሰርኪዩት የቱንም ያህል ቢንቀጠቀጥ ወደ ቀኝ አይሻገርም። የሁለተኛ ዲግሪ ታህት አባዢዎች ሁሉ ፖዘቲቭ ከሆኑ ፖሎቹ በስተግራ ናቸው። እውነተኛ ኦፕአምፕ ግን በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሦስተኛና አራተኛ ፖሎች አሉት፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ያ ቀላል ሕግ አይሠራም። s³ + s² + 2s + 8 የሚለው ታህት አንድም ኔጌቲቭ ቁጥር የለበትም፤ ፖሎቹ ግን −2 እና 0.5 ± j1.94 ናቸው። ጥንዱ በስተቀኝ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ፖሎቹን ሳይፈልጉ ከአባዢዎቹ ብቻ የሚያውቁበትን ዘዴ ኤድዋርድ ራውዝ በ1877 አወጣ፤ ያኔ ጥያቄው የእንፋሎት ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነበር፣ ኤሌክትሮኒክስ ገና አልተወለደም። ለሦስተኛ ዲግሪ ሕጉ አጭር ነው፤ የመሐለኞቹ ሁለት አባዢዎች ብዜት ከዳርና ዳሮቹ ብዜት መብለጥ አለበት። ከላይ ባለው ምሳሌ 1 ጊዜ 2 ከ1 ጊዜ 8 ያንሳል፤ አልተረጋጋም። ዛሬ ኮምፒዩተር ፖሎቹን ወዲያው ስለሚያወጣ ዘዴው በእጅ የሚሠራበት ጊዜ እየቀነሰ መጥቷል፤ ሆኖም አንድን ዕቃ እስከ ምን ድረስ መጨመር እንደሚቻል በቀመር ለማወቅ አሁንም የሚስተካከለው የለም።

ስለዚህ ንቅጥቅጥ ራሱ ምልክት ነው። የኦፕአምፕ ሰርኪዩት መረጋጋቱን ለመፈተሽ ትንሽ፣ ለምሳሌ 100 ሚሊቮልት ያህል፣ ስኩዌር ሞገድ ይሰጠውና መውጫው በኦሲሎስኮፕ ይታያል። ሞገዱ ትንሽ መሆን ያለበት፣ ትልቅ ሲሆን ኦፕአምፑ በሚችለው ፍጥነት ብቻ ስለሚወጣ የፖሎቹ ሥራ ስለሚሸፈን ነው። አንድ ትንሽ ጉብታ ብቻ ከታየ ፖሎቹ ከመስመሩ ርቀው በስተግራ ናቸው። አራት አምስት ጊዜ ከተንቀጠቀጠ የማርገብ መጠኑ 0.2 እና ከዚያ በታች ነው፤ ዛሬ ይሠራል፣ ነገር ግን ሙቀቱ ሲለወጥ፣ ሌላ ኦፕአምፕ ሲተካ ወይም ገመዱ ሲረዝም ሊሻገር ይችላል። መውጫው ላይ ያለ ሲግናል የማያቋርጥ ሞገድ ከታየ ደግሞ ተሻግሯል። ኦሲሎስኮፕ በሌለበት መሻገሩ የሚታወቀው ያለ ሥራ በሚሞቅ ኦፕአምፕ፣ በሜትር ላይ ትርጉም በማይሰጥ የዲሲ ንባብ፣ ወይም እጅ ሲቀርብ በሚለወጥ ቮልቴጅ ነው።

ለ10 ናኖፋራዱ ችግር የተለመደው መድኃኒት አንድ ሬዚስተር ነው። በኦፕአምፑ መውጫና በካፓሲተሩ መካከል 50 ኦም ይገባል፤ ግብረ መልሱ ግን ከሬዚስተሩ በፊት፣ ከኦፕአምፑ እግር ላይ ይወሰዳል። ይህ ታህቱ ውስጥ የመሐለኛውን አባዢ አራት እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ፖሎቹ ከ−500,000 ወደ −1.38 ሚሊዮን ይገፋሉ፣ የማርገብ መጠኑ ከ0.2 ወደ 0.67 ይወጣል፣ 53 በመቶ የነበረው ማለፍ በካፓሲተሩ ላይ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ዋጋው ከረንት ላይ ይከፈላል። ጭነቱ 10 ሚሊአምፒር ያለማቋረጥ የሚወስድ ከሆነ 50 ኦሙ ላይ 0.5 ቮልት ይቀራል፤ ግብረ መልሱ ከሬዚስተሩ በፊት ስለሚወሰድ ኦፕአምፑ ይህን ጉድለት አያየውም፣ ሊያርመውም አይችልም። ከረንት ለማይወስድ የመለኪያ መግቢያ ይህ ምንም አይደለም። ለሌላው ጭነት ሁለተኛ የግብረ መልስ መንገድ ከካፓሲተሩ ጫፍ ይጨመራል፤ ዝግተኛውን ለውጥ ከዚያ፣ ፈጣኑን ከኦፕአምፑ እግር በትንሽ ካፓሲተር በኩል እንዲወስድ ይደረጋል። ያኔ ግን ታህቱ አንድ ዲግሪ ስለሚጨምር ፖሎቹ እንደገና መሰላት አለባቸው።